ፓሊየቲቭ ኬር ምንድን ነው? «ምንም አይደረግላትም» ማለት አይደለም

የነርሲንግ ተማሪዎቼን አሳይመንት ሳርም አንዱ ዕቅድ ላይ «ፓሊየቲቭ ስለሆነች ምንም አይደረግላትም፤ ወደ ቤት ትሂድ» የሚል አነበብኩ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ዛሬ አናደደኝ። ፓሊየቲቭ ኬር የከባድ ሕመምተኛን ህመምና ጭንቀት የሚያቃልል ሕክምና ነው፤ ከኬሞ ጋር ጎን ለጎንም ይሰጣል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ በሽታውን ማሳደድ ይቆማል እንጂ ሰውየውን ማከም አይቆምም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው እየሄድኩ የማያቸው እናት ነበሩ። የጡት ካንሰሩ አጥንታቸው ገብቷል። ዕቅዳችን የሞርፊን ሽሮፕ 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ነበር። ሌሊት እንዳይቀሰቀሱ ሲተኙ 10 ይወስዳሉ፤ ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ተሰጠ። ልጃቸው ግን ስለፈራች የምትሰጣቸው ሲጮኹ ብቻ ነበር። ህመም አንዴ ከተነሳ በኋላ ማስታገሱ ይከብዳል፣ ለዚህ ነው በሰዓቱ የሚሰጠው።

«ሞርፊን ቀስ ብሎ መግደል ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው አለ። አይደለም። በትንሹ ተጀምሮ ህመሙ እየታየ ከተጨመረ ሞትን አያፋጥንም። ኩላሊት ከደከመ ግን መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ ታማሚው ከመጠን በላይ ሲያንቀላፋና እጁ ድንገት ድንገት ሲፈራገጥ ካያችሁ ቶሎ ደውሉ።

ሌላው የሚያስቆጨኝ «እውነቱን ነግራችሁ ቤተሰቡን አታስጨንቋቸው» የሚለው ነው። እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቀመጣል፣ ሰዓቱም ይመረጣል። የሐኪም ወሬም እንደዚያው ነው፤ ቁጭ ተብሎ፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው አስቀድሞ ተጠይቆ፣ በቀስታ ይነገራል። ልዩነቱ መርዶ ሰው ካለፈ በኋላ መምጣቱ ነው። የእኛ ግን ሰውየው አሁንም እየሰማ፣ መናገርም እየቻለ ነው። ከሁሉም በፊት እሱ ራሱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል።

እኚህ እናት «ለልጆቼም ንገሯቸው» አሉ። ልጃቸው ኩሽና ውስጥ «ስንት ጊዜ ቀራት?» አለችኝ። ቀን መቁረጥ አንችልም አልኳት። ግን ለውጡ በየሳምንቱ ከሆነ የቀረው ሳምንታት ነው፤ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ቀናት። ዝም ብላ ቆይታ «ትናንት ተነስታ ነበር፤ ዛሬ ማንኪያ መያዝ አቃታት» አለች። ዱባይ ላለው ወንድሟ «ደህና ናት» ስትለው ነበር የከረመችው። ያን ማታ እውነቱን ነገረችው።

ወንድምየው በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እናትየው መዋጥ አቅቷቸው ስለነበር ሾርባ በግድ እንዳይሰጣቸው ነገርኩት፣ ወደ ሳንባ ይገባል። በእርጥብ ጋውዝ ከንፈራቸውን ማራስ አሳየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገባቸው ሳይነሳ ሲያርስላቸው አደረ።