ሲፒኦ ይዞ የመጣው እንግዳ ደንበኛ፦ ስለ ሲፒኦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሲፒኦ ከባንክ የወጣ ነው፤ ከጥሬ ብር አይለይም»

ባንክ ሲፒኦ የተባለውን የክፍያ ማዘዣ ሲሰራ ገንዘቡን ከሚያሰራው ሰው ቀድሞ ይወስዳል። ስለዚህ እንደ ቼክ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ አይመለስም። ይህ ግን ባንኩ ራሱ ለሰራው ሲፒኦ ብቻ ነው። ተመሳስሎ ለተሰራ ወረቀት ባንኩ የገባው ቃል ስለሌለ አንድ ብርም አይከፍልበትም።

ነገሩን በአጭር ልብ ወለድ ታሪክ እንየው። ጋሽ ሙሉ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ቀኑ ጥር 10፣ ከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስለሚወርዱ ሱቁን ቶሎ ዘግተው ሊሄዱ ተጣድፈዋል። አይተውት የማያውቁት ሰው አይሱዙ አቁሞ ገባ። ቆርቆሮና ፌሮ አዘዘ። ብዙም ሳይከራከር በ412,000 ብር ተስማሙ። ከዚያ በሱቃቸው ስም የተሰራ የ450,000 ብር ሲፒኦ አወጣ።

«ትርፉን 38 ሺህ በጥሬው ይስጡኝ፣ ጋሼ። ለሹፌርና ለጫኝ ነው» አላቸው።

ጋሽ ሙሉ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት። የተሰራበት ቀን ከሦስት ቀን በፊት ነው። ዋጋው የተቆረጠው ግን አሁን ነው። ታዲያ ይህ ሰው ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ፣ ገብቶበት በማያውቀው ሱቅ ስም፣ 450,000 ብር አስቀድሞ አሰራ ማለት ነው? ጥርጣሬያቸው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልክም ናቸው። ከዋጋው በላይ የተጻፈ ሰነድና «መልሱን በጥሬ» የሚል ጥያቄ ሲገናኙ ዓላማው ብዙ ጊዜ ያ መልስ ነው። ዕቃው ሲጫን ደግሞ የዕቃው ዋጋ በኪሳራው ላይ ይጨመራል። ቀኑም በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም፤ ማግስቱ ጥምቀት ነው፣ ባንክ ዝግ ነው።

«ማኅተሙንና ፊርማውን ሳይ አውቀዋለሁ»

ዓይን የሚይዘው የተበላሸውን ብቻ ነው። በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ካልተስማማ፣ ስርዝ ድልዝ ካለ፣ የተቀባዩ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካልገጠመ አለመቀበል ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሲገኙ ግን ሰነዱ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ማኅተም ያስመስላል። የእውነተኛ ሲፒኦ ቁጥር ገልብጦ ሌላ ገንዘብ የሚጽፍበትም አለ። ስለዚህ ባንኩን «ይህ ቁጥር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የተቀባዩ ስምና ቀኑ አንድ ላይ መመሳከር አለባቸው።

«ሰነዱ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ አጣርቻለሁ»

ወረቀቱን ያስመሰለ ሰው ስልኩንም የራሱን ሰው ቁጥር ሊያደርገው ይችላል። እንግዳውም ይህንኑ ሞከረ። ራሱ ደውሎ «የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ያናግሯቸው» ብሎ ስልኩን ዘረጋላቸው። ጋሽ ሙሉ አልተቀበሉትም። «እኔ የማውቀው የራሴን ባንክ ነው፤ እነሱ ይጠይቁልኝ» አሉት። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ሰነዱን ወደ ራስ ባንክ ወስዶ፣ ሲፒኦውን ከሰራው ቅርንጫፍ ጋር ባንኩ በራሱ መስመር እንዲያጣራ ማድረግ።

«ሂሳቤ ውስጥ ገብቷል፣ አበቃ»

ሰነዱ የሌላ ባንክ ከሆነ ተመዝግቦ መታየቱና ገንዘቡ ተሰብስቦ መግባቱ ይለያያሉ። ከፋዩ ባንክ ካልተቀበለው የተመዘገበው ይሰረዛል። በመሀል ዕቃ ያስረከበ ወይም መልስ የሰጠ ነጋዴ ኪሳራው የራሱ ነው። ባንክ ቤት የሚጠየቀው «ገብቷል?» ሳይሆን «ተጣርቶ አልቋል? አሁን ማውጣት እችላለሁ?» ነው።

«ካላመንኩት ደንበኛዬ ይቀየማል»

እውነተኛ ገዢ በማጣራቱ የሚያጣው ነገር የለም። ጋሽ ሙሉ ለእንግዳው ሁለት አማራጭ ሰጡት። አንዱ አሁኑኑ ከሂሳቡ ወደ ሂሳባቸው 412,000 ብር ማስተላለፍ ነው። ሌላው ሲፒኦውን ባንክ ሲከፈት አብረው ወስደው ማጣራት፤ ዕቃው እስከዚያ በስሙ ተለይቶ ይቀመጣል። እንግዳው «ሥራዬን አስተጓጎሉብኝ» ብሎ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቀና ወጣ። ጋሽ ሙሉ የአይሱዙውን ታርጋ ጻፉ። በአራዳ ሌላ ሱቅ እንዳይሞክር ለጎረቤት ነጋዴዎች ደወሉ፤ ከዚያም ለፖሊስ አሳወቁ።