ፎሪየር ኦፕቲክስ ምንድን ነው?

ፍሪኩዌንሲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድምፅ ወይም ሬዲዮን ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ የሚለውን። ምስልም ግን የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው። እዚህ የሚቆጠረው በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ ነው። የቦታ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ፎሪየር ኦፕቲክስ ብርሃንን በዚህ ዓይን ያያል።

በጣም የረቀቀ የሽቦ ወንፊት እንውሰድ። በወርድም በቁመትም በሚሊሜትር 10 ሽቦ አለው። ሞገድ ርዝመቱ 633 ናኖሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን በትይዩ ጨረር እንልክበታለን። ብርሃኑ ሲያልፍ ይበተናል፤ ይህ ዲፍራክሽን ነው። አበታተኑ ግን ሥርዓት አለው። የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ብርሃኑን ወደ ተወሰነ አቅጣጫ ይልካል፤ ሽቦዎቹ በተቀራረቡ ቁጥር አንግሉ ይሰፋል።

ሌንሱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሌንስ በአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ትይዩ ጨረሮችን ሁሉ፣ ከየትም የወንፊቱ ክፍል ይነሱ፣ ከሌንሱ በትኩረት ርቀቱ ላይ ባለው የትኩረት ወለል አንድ ነጥብ ላይ ያደርሳቸዋል። አቅጣጫው ፍሪኩዌንሲ ነው ካልን፣ እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ የራሱን ቦታ አገኘ ማለት ነው። ምስልን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚከፋፍለውን፣ በወረቀት ላይ አድካሚ የሆነውን የፎሪየር ትራንስፎርም ስሌት ብርሃኑ እግረ መንገዱን ይሠራዋል። ቦታው ለትናንሽ አንግሎች እንዲህ ይሰላል፦

x = λ · f · ν

እዚህ x ነጥቡ ከመሃሉ ያለው ርቀት፣ λ የሞገድ ርዝመቱ፣ f የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ ν የቦታ ፍሪኩዌንሲው ነው። የሞገድ ርዝመቱን ወደ ሚሊሜትር ቀይረን፣ የትኩረት ርቀቱ 200 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 0.000633 × 200 × 10 ወደ 1.27 ሚሊሜትር ይሆናል። ትኩረት ወለሉ ላይ ስክሪን ብናስቀምጥ በዚህ ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች በመስቀለኛ ረድፍ ይታያሉ። መሃሉ ላይ ያለው ነጥብ ፍሪኩዌንሲው ዜሮ ነው፤ አማካይ ብርሃኑን ይይዛል።

እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ስክሪኑን አንስተን በቦታው አግድም የተሰነጠቀ ካርቶን እናቁም፤ በመሃል የሚያልፈው አግድም የነጥብ ረድፍ ብቻ ይለፍ። ከዚያ በሁለተኛ ሌንስ ምስሉን እንመልሰው። አግድም ሽቦዎቹ ጠፍተዋል! የቀሩት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። ወንፊቱን ማንም አልነካውም። የመሃሉን ነጥብ ብቻ ብናሳልፍ ደግሞ ሽቦ የሚባል ነገር አይታይም፤ የሚቀረው አንድ ወጥ ብርሃን ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1873 ስለ ማይክሮስኮፕ ያስረዳውም ይህንኑ ነው፦ ሌንሱ ያልሰበሰበው ፍሪኩዌንሲ ምስሉ ላይ አይገኝም። ወንፊቱ በሚሊሜትር 100 ሽቦ ቢኖረውና ከሌንሱ 200 ሚሊሜትር ርቆ መሃል ላይ ቢቀመጥ፣ ከመሃለኛው ቀጥሎ ያለው የተበተነ ጨረር ሌንሱ ጋ ሲደርስ ከመሃሉ 12.7 ሚሊሜትር ይርቃል። ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ያመልጠዋል።

አንድ ነገር ግን ስክሪኑ ላይ አይታይም። ወንፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ብንገፋው ነጥቦቹ ባሉበት ይቀራሉ። ብናዞረው ግን አብረው ይዞራሉ። የሽቦዎቹ ቦታ የተጻፈው በሞገዱ ፌዝ፣ ማለትም የሞገዱ ጫፍና ጎድጓዳ የት ላይ እንደሚያርፍ በሚናገረው መጠን ውስጥ ነው፤ ዓይንም ካሜራም የሚለኩት የብርሃኑን መጠን ብቻ ስለሆነ ፌዙ ያመልጣቸዋል።