የቤተ ሙከራ የጥንቃቄ ደንቦች፦ አሲድ ማቅጠን፣ የመሞከሪያ ቱቦ ማሞቅና ቆሻሻ ማስወገድ

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ተማሪ ቀድሞ የሚሸመድደው ደንብ «አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም» የሚለው ነው። ምክንያቱ በሰልፈሪክ አሲድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 98 በመቶ የሆነው የገበያው አሲድ 1 ሚሊ ሊትሩ 1.84 ግራም ስለሚመዝን ከውሃ በእጅጉ ይከብዳል። ከውሃ ሲገናኝም ብዙ ሙቀት ያወጣል። ውሃ ቢፈስበት ቀላሉ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱ ሁሉ በዚያ ስስ ንጣፍ ላይ ያርፍና ውሃው በቅጽበት ይፈላል፤ እንፋሎቱም አሲዱን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል።

500 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር አሲድ ለማዘጋጀት 49 ግራም ንጹሕ አሲድ፣ ማለትም ከገበያው 27 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። መነጽር፣ ጓንትና ጋዋን ከተለበሱ በኋላ 400 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ ሙቀት በሚችል ቢከር ይቀዳል፤ አሲዱም በመስታወት ዘንግ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማማሰል ግድ ነው፤ ካልተማሰለ ከባዱ አሲድ ታች ይተኛል። በዚህ መንገድ ሙቀቱን ውሃው ሁሉ ስለሚጋራው ቢከሩ ለብ ከማለት አያልፍም። የቢከሩ ግድግዳ እጅ የማያስነካ ከሆነ አሲዱ በፍጥነት ገብቷልና ጥቂት መታገሥ ይገባል። እስከ 500 ውሃ የሚሞላው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ፈሳሽ ሰፍቶ ስለሚለካ ሲበርድ ከምልክቱ በታች ይወርዳል። ይህን ማቆያ ጊዜ የማይዘልል የቤተ ሙከራ ባለሙያ የሚያዘጋጀው አሲድ የሚታመን ነው።

አሲድ ቆዳ ላይ ቢፈስ ወዲያው በሚወርድ ብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል የሚሉ ቢኖሩም፣ ዛሬ የሚመረጠው ጊዜ ሳያጠፉ መታጠብ ነው። ሶዳ ግን ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሌላ ሙቀት ይወጣልና።

የመሞከሪያ ቱቦ ሲሞቅም አደጋው ድንገተኛ እንፋሎት ነው። እሳቱ ከሥር ብቻ ከተያዘ ታች የተፈጠረው እንፋሎት ከላዩ ያለውን ፈሳሽ እንደ ቡሽ ተኩሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ቱቦው ከሲሶው በላይ አይሞላም፤ አዘንብሎ፣ አፉ ከሰው ርቆ፣ ከፈሳሹ የላይኛው ክፍል ጀምሮ እየተንቀሳቀሰ ይሞቃል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 100 እስኪደርስ መጠበቅ ያሳስታል። እንደ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ያለ ጠጣር ሲሞቅ ግን አፉ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የሚወጣው ውሃ ተመልሶ የጋለውን መስታወት እንዳይሰነጥቅ።

ከሥራ የተረፈ የቀጠነ አሲድ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ሆኖ አረፋው እስኪቆም ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ ከላይ ለተዘጋጀው ግማሽ ሊትር 84 ግራም ይበቃል። ከዚያ በብዙ ውሃ ይደፋል። የመዳብ፣ የእርሳስና የሜርኩሪ ውሁዶች ወደ ቧንቧ አይሄዱም፤ ስማቸው በተጻፈበት ዕቃ ለየብቻ ይቀመጣሉ።