በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ግን ለማን ይነገር?

ምሳሌው የተወሰደው ከሕክምና ነው። ባለመድኃኒት ቅጠል ከመቀጥቀጡ በፊት የት እንደሚያም፣ መቼ እንደጀመረ ይጠይቃል፤ በሽተኛው አፍሮ ከደበቀ የሚሰጠው ነገር የለም። ከዚያ ተነሥቶ ለማንኛውም የታፈነ ችግር ይነገራል። ብዙዎቻችን ግን «የደበቀ» የሚለውን ይዘን «መድኃኒት» የሚለውን እንረሳለን። መናገር የተፈለገው መድኃኒቱ እንዲገኝ ነው።

የሥራ ቦታን እንውሰድ። ሁለት የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች አሉ እንበል። አለቃቸው 11 ሰዓት ላይ፣ መውጫ ሲደርስ፣ «ይህ ሪፖርት ዛሬ ይለቅ» ይላል። በማግሥቱ ማኪያቶ ላይ አንዷ «ትናንትም አመሸሁ» ትላለች። ሌላዋ «እኔንማ ባለፈው ሳምንት!» ብላ የራሷን ትጨምራለች። «ሆን ብሎ ነው እኮ።» የመጀመሪያው ቀን እውነትም ይቀላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወሬው ያው ነው፤ የተጨመረው ምሬት ብቻ ነው። ብሶት በብሶት ሲመለስ ማንም «ታዲያ ለማን እንንገረው?» አይልም፤ ጊዜያዊው እፎይታም አንድ ነገር የተደረገ ያስመስላል።

አማንዳ ሮዝ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት የልጆችና የወጣቶች ጥናት፣ እንዲህ ያለው የጋራ ማብሰልሰል ከጠበቀ ጓደኝነትም ከጭንቀትና ከድብርትም ጋር አብሮ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ለመተው የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ ያቀራርባል።

ምልክቱ በአነጋገር ይታወቃል። «ማክሰኞ 11 ሰዓት» የሚለው ቀርቶ «ሁሌም»፣ «ሆን ብሎ» ሲተካው፣ ከቡናውም ከበፊቱ ከብዷችሁ ስትመለሱ፣ ንግግሩ መድኃኒት መፈለግ አቁሟል።

ማስተካከያው ጓደኛን ዝም ማሰኘት አይደለም። «ተይው፣ እርሺው» ማለት በሽታውን መልሶ ማስደበቅ ነው፤ የተከዳችም ይመስላታል። ይልቅ ስትጀምር «ልስማሽ ወይስ መላ እንፈልግ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መስማት ከሆነ 10 ደቂቃ ይበቃል። መላ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ሥራው የተሰጠበትን ሰዓትና የሚፈለግበትን ቀን በወረቀት መያዝ ነው። ከአምስቱ ሪፖርቶች አራቱ ዓርብ ጠዋት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄዱ ሆነው ከተገኙ፣ «ሆን ብሎ» የተባለው ነገር የቀን ጉዳይ ሆነ ማለት ነው፤ መድኃኒቱም አለቃው ዘንድ ነው።

ዘለፋ፣ ትንኮሳ ወይም የተቆረጠ ደመወዝ ሲሆን ግን አለቃው ራሱ በሽታው ሊሆን ይችላል። ያኔ ያው ማስታወሻ ወደ ሰው ሀብት ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ይሄዳል፤ ጓደኛም ባየችው ልክ ምስክር ትሆናለች።

ለሪፖርቱ ጉዳይ ሁለቱም አብረው ገብተው የሚሉት አጭር ነው፦ «የዓርቡ ሪፖርት መረጃ ሐሙስ ጠዋት ቢደርሰን ሳናመሽ እንጨርሳለን። ከሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ይቻላል?»