ለማናውቀው ትልቅ አለቃ ስንጽፍ፦ ስለ ሰላምታና መዝጊያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ሐዋሳ ቅርንጫፍ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወደ አዲስ አበባ መዘዋወር ፈልጓል እንበል። የሚወስኑት ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት የሰው ሀብት ዳይሬክተር ናቸው። አይቷቸው አያውቅም። የሚያውቀው ለቅርንጫፎች በተበተነ ማስታወሻ ላይ ያየውን ስም ብቻ ነው፦ ደስታ መኮንን። ኢሜይሉን ከፈተና ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ተገተረ። ጓደኞቹን ሲጠይቅ ሁሉም ምክር አለው። አብዛኛው ግን የማይሆን ምክር ነው።

«ትልቅ ሰው ስለሆኑ ‹ክቡር› በላቸው፤ አክብሮት ሲበዛ አይጎዳም»

ይጎዳል። «ክቡር» እና «ክብርት» በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የታወቀ ቦታ አላቸው፤ ለሚኒስትር፣ ለሚኒስትር ዴኤታ፣ ለአምባሳደርና ለመሳሰሉት ነው የሚባሉት። «የተከበሩ» ደግሞ የምክር ቤት አባላት ሲጠሩበት በቴሌቪዥን የምንሰማው ነው። የአንድ ኩባንያ ዳይሬክተር «ክቡርነትዎ» የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው ወይ ከሌላ ደብዳቤ ተገልብጦ የመጣ ይመስላቸዋል፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ሊያባብላቸው እንደመጣ ይጠረጥራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፣ ደንብ የሚፈቅደው ተራ የዝውውር ጥያቄ ቢሆንም እንኳ፣ ልመና ልመና ይሸታል።

ስም ከነመጠሪያው፣ ከሥሩ የሥራ ኃላፊነታቸው፣ ቀጥሎ «ጤና ይስጥልኝ»። በቃ። መጨነቅ ካለባችሁ ማዕረግ ላይ ተጨነቁ። ዶክተር የሆነን ሰው «አቶ» ብሎ መጥራት «ክቡር» ከመተው ይልቅ ይታያል፣ ኢንጂነሮችም እዚህ አገር ማዕረጉ ሲዘለልባቸው ደስ አይላቸውም።

«ውድ» ብሎ መጀመርም አይመከርም። «ውድ ደንበኞቻችን» ለሚል ማስታወቂያና ለፍቅረኛ ይቆይ።

«ስሙ የወንድ ስለሚመስል ‹አቶ› ብለህ ላከው፤ ከተሳሳትክ ይቅርታ ትጠይቃለህ»

ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። ሃይማኖትም እንደዚያው። በግምት መላክ ማለት ሃምሳ በመቶ ዕድል ይዞ የመጀመሪያውን መስመር ማበላሸት ነው፣ ያውም የማያውቁን ሰው ስለ እኛ የሚያነቡት የመጀመሪያ ነገር እሱ ሆኖ ሳለ።

ማጣራቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ያ ማስታወሻ የተፈረመ ከሆነ ከፊርማው ሥር ቲተር ተመትቶበታል። ብዙ ጊዜ ቲተር ላይ ስሙ ከነመጠሪያው አለ፤ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር። እንዲያውም ሰዎቹ ራሳቸው እንዲጠሩበት የመረጡት ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ምንጭ የለም። ቲተሩ ደብዝዞ ካልተነበበ ለጸሐፊያቸው መደወል ነው። «ለዳይሬክተሩ ቢሮ ደብዳቤ ልጽፍ ነበር፣ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን በትክክል እንዴት ልጻፍ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ይወዱታል ባይ ነኝ፤ በተሳሳተ ስም የመጣ ደብዳቤ መጀመሪያ የሚያጋጥመው እነሱን ነው።

ሴት መሆናቸው ታውቆ «ወ/ሮ» ይሁን «ወ/ሪት» ካልታወቀስ? በዕድሜ ወይም በወሬ አትገምቱ። ማዕረግ ካላቸው ማዕረጉ ይገላግላል። ከሌላቸው መጠሪያውን ትታችሁ «ለሰው ሀብት ሥራ አመራር ዳይሬክተር» ብላችሁ በኃላፊነታቸው ጻፉ። ሙሉ ትክክል ነው፣ ማንንም አያስከፋም። ከዚያ በታች «እርስዎ» እያላችሁ ስትሄዱ ጾታ የሚገለጽበት ቦታ አይመጣም።

«እርስዎ ካልኩ ጨረስኩ»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሰላምታው ላይ «እንደምን ነዎት» ይባልና ሦስተኛው መስመር ላይ ግሱ ይከዳል። ስልክ ላይ በጥድፊያ ስንጽፍ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ደስታ፣ እንደምን ነዎት? የዝውውር ማመልከቻዬን ከወር በፊት ልኬልህ ነበር፣ እባክዎ አይተው መልስ ስጠኝ። ቻው።»

«ልኬልህ» እና «ስጠኝ» ሙሉውን ደብዳቤ አፈረሱት። «ቻው» ደግሞ ከላይ ካለው «ጤና ይስጥልኝ» ጋር የተዋወቀ አይመስልም። ከመላካችሁ በፊት ግሶቹን ብቻ እየነጠላችሁ አንብቡ፦ ልኬልዎት፣ ቢያዩልኝ፣ ቢያሳውቁኝ፣ ማመልከቻው ደርሶዎት ከሆነ። አንዷ ካመለጠች «እርስዎ» የተባለው ለይስሙላ ነው ያስብላል። «ስጡኝ» እያሉ በብዙ ቁጥር ማምለጥም አለ። በንግግር ያልፋል፣ በጽሑፍ ግን ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለቢሮው የሚለው ይምታታል።

«‹ከሰላምታ ጋር› ደረቅ ነው፤ ሞቅ ያለ መዝጊያ ይሻላል»

ደረቅነቱ ነው ጥቅሙ። ሹመትም ማስጠንቀቂያም በ«ከሰላምታ ጋር» ነው የሚያልቀው። ስለዚህ አንባቢው ምንም ስሜት አያነብበትም፤ የማያውቁት ሰው ዘንድ የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ነው። ሞቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ ከሱ በፊት ያለችውን መስመር አሙቋት፦ «ጊዜዎን ሰጥተው ስላዩልኝ አመሰግናለሁ»። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በአፍ ያምራል፣ ግን የአንባቢው እምነት ሳይታወቅ በጽሑፍ ሲሆን «አመሰግናለሁ» ይበልጥ ያስኬዳል። «ታዛዥዎ» የሚለውን ተዉት፤ «አክባሪዎ» ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ሰዎች አሁንም ደስ ይላል፣ ከወጣት ሥራ አስኪያጅ ፊት ግን ከአያት ደብዳቤ የተቀዳ ይመስላል።

ከመዝጊያው ይልቅ የሚረሳው ከሥሩ የሚመጣው ነው። የማያውቁን ሰው ናቸው! ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ቅርንጫፍ፣ ስልክ። የሐዋሳው ልጅ ቲተሩን አይቶ «አቶ» መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ኢሜይሉ በመጨረሻ እንዲህ ቢሆን ለእኔ በቂ ነው፦

«ለአቶ ደስታ መኮንን
የሰው ሀብት ሥራ አመራር ዳይሬክተር

ጤና ይስጥልኝ፣

በሐዋሳ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ ለመዘዋወር ያስገባሁት ማመልከቻ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጄ አስተያየትም አብሮ አለ። ተመልክተው ውሳኔዎን ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከዚህ በታች ስሙ፣ መደቡ፣ ቅርንጫፉና ስልኩ። «እንደምን አደሩ» አለማለቱን አስተውሉ። ኢሜይሉ መቼ እንደሚነበብ አይታወቅም፣ «ጤና ይስጥልኝ» ግን ሰዓት አይመርጥም። በታተመ፣ ፊርማ ባለበት ደብዳቤ ከሆነ ሰላምታውም ይቀራል፤ ከ«ለ» በኋላ «ጉዳዩ፦» ተብሎ በቀጥታ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» ብቻ ይኖራል። ኢሜይል ላይ ሰላምታ የምንጨምረው ጉዳዩ ርዕስ መስጫው ላይ ስለሚጻፍና ከታች ባዶ ስለሚሆን ነው።

«ቴሌግራም ላይ መጀመሪያ ‹ሰላም› ብሎ መልስ መጠበቅ ጨዋነት ነው»

ፊት ለፊት ስንገናኝ ሰላምታው ይረዝማል፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ። ያንን ቴሌግራም ላይ ልድገመው ማለት ግን ሌላ ውጤት አለው። አለቃው ስልካቸው ላይ ከማያውቁት ቁጥር «ሰላም አቶ ደስታ» ብቻ ያያሉ። ማን እንደሆነ አያውቁም፣ ምን እንደሚፈልግ አያውቁም፣ ስለዚህ አይመልሱም። ላኪው ደግሞ ናቁኝ ብሎ ይቀየማል። ሰላምታውም፣ ማንነቱም፣ ጉዳዩም በአንድ መልእክት ይሂድ፦ «ጤና ይስጥልኝ አቶ ደስታ። ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ነኝ፣ ስለ ዝውውር ማመልከቻዬ ኢሜይል ልኬልዎት ነበር።» እዚህ «ከሰላምታ ጋር» አያስፈልግም፣ «አመሰግናለሁ» እና ስም ይበቃሉ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድሜ» የሚባለው ከተዋወቁ በኋላ ነው፤ የአበባና የልብ ስዕሉም ጭምር።

«በእንግሊዝኛ ከሆነ ‹ሚስተር› ብለህ የመጨረሻውን ስም ጻፍ፣ ሕጉ ነው»

ለፈረንጅ አዎ። ለኢትዮጵያዊ ግን የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ነው። «ሚስተር መኮንን» ብላችሁ ስትጽፉ አባታቸውን ነው የጠራችሁት። የውጭ ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈውን አበበን «ቢቂላ» ሲሉት የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር በድርጅታቸው «ዶክተር ቴድሮስ» ነው የሚባሉት፤ የአባታቸው ስም «አድሃኖም» ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ላሉ ዳይሬክተር በእንግሊዝኛም ቢሆን «ዲር ሚስተር ደስታ» ትክክል ነው። ለጆን ስሚዝ ደግሞ «ዲር ሚስተር ስሚዝ» እንጂ «ሚስተር ጆን» አይባልም። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ትገረሙ ይሆናል፣ እዚያ አለቃውን «ሚስተር መሐመድ»፣ «ዶክተር አሕመድ» ማለት የተለመደ ነው፤ ከእኛ ልማድ ጋር ይገጥማል።

መዝጊያው ላይ ብዙ አትጨነቁ። በእንግሊዞቹ ልማድ ስም ሳይጠሩ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለው ከጀመሩ «ዩርስ ፌይዝፉሊ»፣ በስም ከጀመሩ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው። «ካይንድ ሪጋርድስ» ግን ለኢሜይል በሁለቱም ያስኬዳል።

«እሳቸው ‹ሃይ› ብለው ከመለሱልኝ እኔም ‹ሃይ› እላለሁ»

በእንግሊዝኛ ከሆነና ሁለት ሦስት ጊዜ በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ከፈረሙ፣ ቀስ ብሎ «ሚስተር»ን መተው ይቻላል። በአማርኛ ግን ከላይ ወደ ታች የመጣ «አንተ» ከታች ወደ ላይ ፈቃድ አይሆንም። «አንተ በለኝ» እስኪሉ ድረስ «እርስዎ» ይቆያል። የሚላላው ሌላው ነው፦ «ለአቶ» የሚለው አናት ይቀራል፣ «ሰላም አቶ ደስታ» ይሆናል፣ መልእክቱም ያጥራል።

«መልስ ካልሰጡኝ ሁለተኛው ላይ ሰላምታውን እቆርጠዋለሁ፣ ይግባቸው»

የሚገባቸው እንደተናደዳችሁ ብቻ ነው። ሁለተኛው መልእክት ከመጀመሪያው ሥር፣ በዚያው ሰላምታና በዚያው መዝጊያ ይላክ። የሚቀየረው መሐሉ ነው፦ መጀመሪያ የተላከበትን ቀን ጥቀሱ፣ ማመልከቻውን እንደገና አያይዙ፣ «ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ከሆነ ቢጠቁሙኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከእሳቸው ሳይሆን ከጸሐፊያቸው ይመጣል። ያኔ ለጸሐፊዋም «ጤና ይስጥልኝ» እና «አመሰግናለሁ» እንዳይቀር።