ብድግ ሲሉ የሚመጣ ማዞር፦ ግፊት ለምን ይወርዳል፣ እንዴትስ ይለካል

ተቀምጣችሁ ወይ ተኝታችሁ ቆይታችሁ ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጨለም፣ ጆሯችሁ ጭው፣ ጉልበታችሁ ላላ ብሎ ግድግዳ ካስያዛችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ለትንሽ ጊዜ ማነሱ ነው። ይሄ ቤቱ ዙሪያችሁን ሲሽከረከር ከሚሰማው ማዞር ይለያል፣ ያኛው አልጋ ላይ ስትገላበጡም ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከውስጠኛው ጆሮ ጋር የተያያዘ ነው። የዚኛው መለያ ስትቆሙ መጥቶ ስትቀመጡ ወይ ስትተኙ መተዉ ነው።

ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትር የሚሆን፣ አንዳንዴም ከዛ የበለጠ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። አንገት ውስጥ ባሉት ትልልቅ የደም ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ቧንቧ ላይ ግፊት የሚከታተሉ ነርቮች አሉ፣ እነሱ ወዲያው ለአንጎል ይናገራሉ፣ ልብ ፈጠን ይላል፣ የእግርና የሆድ የደም ስሮች ጠበብ ይላሉ፣ ይሄ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ ጤነኛ ሰው ምንም አይሰማውም። በተለይ ረጃጅምና ቀጫጭን ወጣቶች ላይ ግን ይሄ ማስተካከያ ትንሽ ይዘገያል፣ በቆሙ በ15 ሰከንድ ውስጥ ጨለም ይልባቸውና 30 ሰከንድ ሳይሞላ ይተዋቸዋል። እንዲ አይነቱ ካላስወደቀ በስተቀር ብዙም አያሳስብም።

የሚያሳስበው ግፊቱ ወርዶ እዛው ሲቀር ነው። ሀኪሞች የሚጠቀሙበት መስፈርት ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "ግፊቴ 90 በ60 ነው፣ ዝቅተኛ ነው" ብሎ ይጨነቃል፣ ምንም ሳይሰማው እድሜ ልኩን በዛ ቁጥር የሚኖር ጤነኛ ሰው ግን ሞልቷል። በተቃራኒው ተኝቶ 150 የነበረ ሰው ቆሞ 120 ሲሆን ቁጥሩ ሲታይ ምርጥ ነው፣ ሰውየው ግን ሊወድቅ ነው። ዋናው ነገር የወረደበት መጠን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አደለም፣ ስለዚ ክሊኒክ ቁጭ ብሎ አንዴ ተለክቶ "ግፊትህ ደህና ነው" መባል ለዚህ ችግር ምንም መልስ አይሰጥም።

ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ካለ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። 5 ደቂቃ ጋደም ብሎ መለካት፣ ከዛ ቆሞ በ1ኛው ደቂቃ እና በ3ኛው ደቂቃ መድገም፣ ቆማችሁ ስትለኩ ክንዱ ከልብ ትይዩ ይሁን፣ ወደታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያችኋል። አጠገብ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፣ ከከበዳችሁ ለቁጥሩ ብላችሁ አትቁሙ፣ ተኙ። የልብ ምቱንም ጻፉት፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገረው እሱ ነው።

ለምሳሌ ሁለት ሰው እንውሰድ። አንዷ ወጣት ናት፣ ሁለት ቀን ተቅማጥ ይዟት ቆይቷል፣ ተኝታ 124 በ78፣ የልብ ምት 70፣ ቆማ በ1ኛው ደቂቃ 100 በ70፣ የልብ ምት 102። ግፊቷ በ24 ሲወርድ ልቧ በ32 ፈጥኗል፣ ማለትም ነርቮቿ ስራቸውን እየሰሩ ነው፣ የጎደለው ፈሳሽ ነው። ሌላኛው ስኳር ለብዙ አመት የቆየባቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተኝተው 152 በ86፣ የልብ ምት 72፣ ቆመው በ3ኛው ደቂቃ 118 በ72፣ የልብ ምታቸው ግን 77 ብቻ። በ34 ወርዶ ልብ በ5 ብቻ መጨመሩ ልብን የሚያዘው ነርቭ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ይጠቁማል፣ እሳቸውን ውሃ ጠጡ ብሎ መሸኘት አይበቃም። (የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ግን ይሄ ምልክት አይሰራም፣ ልቡ ቢፈልግም አይፈጥንም።)

የልጅቷ አይነት ሲሆን መፍትሄው የወጣውን መመለስ ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ በሙቀት ብዙ ላብ፣ አልኮል፣ ሁሉም ፈሳሽ ያጎድላሉ። ሽንት ጠቆር ብሎ ካነሰ፣ አፍ ከደረቀ ፈሳሽ እንደጎደለ ያሳያል። በተቅማጥና በትውከት ጊዜ ጨውም አብሮ ስለሚወጣ ውሃ ብቻውን አይበቃም፣ ኦአርኤስ የተሰራው ለዚህ ነው፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ መጎንጨት ነው፣ ውሃውን ቀንሶ ማወፈር አይጠቅምም፣ ይጎዳል። ሳይታመሙ ሳይደክሙ ልብ የሚፈጥን ከሆነ ደግሞ ደም ማነስ ወይም የሆነ ቦታ የሚፈስ ደም ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።

መድሃኒትም አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። የግፊት መድሃኒት፣ በተለይ ሽንት የሚያሸናው፣ የፕሮስቴት መድሃኒት፣ አንዳንድ የድብርት መድሃኒቶች፣ ሲቆሙ ግፊት ሊያወርዱ ይችላሉ። ማዞሩ አዲስ መድሃኒት ከተጀመረ ወይም መጠን ከተጨመረ በኋላ ከመጣ ቁጥሮቹን ይዞ ሀኪም ጋ መሄድ፣ በራስ ማቋረጥ ግን አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ መጠኑን መቀነስ ወይም የሚወሰድበትን ሰአት መቀየር ይበቃል።

መከላከያው ቀላል ነው፣ ግን ከመቆም በፊት መሰራት አለበት። ጠዋት ላይ ከአልጋ ከመነሳታችሁ በፊት እግራችሁን ከቁርጭምጭሚት ወደላይ ወደታች እያንቀሳቀሳችሁ ባታችሁን ማሰራት፣ ከዛ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ፣ ከቆሙ በኋላም ወዲያው አለመራመድ። ግማሽ ሊትር ውሃ ቶሎ መጠጣት በተለይ እንደ ሁለተኛው ሰው ነርቫቸው ለተጎዳ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ለአንድ ሰአት ገደማም ይቆያል፣ ከመነሳት በፊት ቢጠጣ ይሻላል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ኖሮበት ፈሳሽ ቀንስ የተባለ ሰው ግን ውሃም ሆነ ጨው በራሱ አይጨምር። ሙቅ ሻወር፣ ከበድ ያለ ምግብ እና ሌሊት ለሽንት መነሳት ሰው የሚወድቅባቸው ጊዜዎች ናቸው፣ ወንዶችም ሌሊት ተቀምጦ መሽናት ይሻላቸዋል።

ቆማችሁ ዓይናችሁ መጨለም ከጀመረ እግሮችን አጠላልፎ ጭንና ቂጥን በኃይል መጭመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ካልተሻለ ቁጢጥ ማለት፣ አሁንም ካልሆነ እዛው መሬት ላይ መተኛት፣ አፍሮ ቆሞ መታገል ነው ጭንቅላት የሚያስፈነክተው። ራሱን የሳተን ሰው ደግሞ ጎትቶ ማስቀመጥ ወይም ደግፎ ማቆም ትልቅ ስህተት ነው፣ ሲተኛ ነው ደሙ ወደ አንጎል የሚመለሰው፣ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ እስኪነቃ ድረስ አፉ ውስጥ ውሃ አለመጨመር። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃ፣ ተኝቶ ወይም ስፖርት እየሰራ እያለ ከሆነ የሳተው፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ከተዘበራረቀ፣ ሰገራው እንደ ከሰል ከጠቆረ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይ አንድ ጎኑ ከደከመ ነገሩ ተራ ማዞር ስላልሆነ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።