ውርስ በኢትዮጵያ ሕግ፦ ኑዛዜ ሲኖርና ሳይኖር

በአገራችን ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከቁጥር 826 እስከ 1125 ያለው ክፍል ስለ ውርስ ብቻ ይናገራል። በ1967 መሬትና ትርፍ ቤት ተወርሷል። በ1992 የቤተሰቡ ክፍል በአዲስ ሕግ ተተክቷል። የውርሱ ክፍል ግን መንግሥት ሲቀያየር እሱ ባለበት ጸንቶ እስከ ዛሬ ቆይቷል። የረቀቀው በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ቢሆንም፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያኖሩት የእኛ ዳኞችና ሬጅስትራሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥትና የየአካባቢው ልማድ ነበሩ። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኙ ከሆነ በሸሪዓ ሕግ ይታያል። የገጠር መሬት ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው። እዚህ የምናየው ከእነዚህ ውጭ ያለውን፣ የከተማውን ቤት፣ መኪናና የባንክ ገንዘብ ነው።

አንድ ሰው ሲሞት ውርሱ በሦስት መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። ያለ ኑዛዜ፣ በኑዛዜ፣ ወይም ከፊሉ በኑዛዜ ከፊሉ ያለ ኑዛዜ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሟች ስለ መኪናው ብቻ ተናዝዞ ስለ ቤቱ ዝም ካለ፣ መኪናው እንደ ቃሉ ይሄዳል፤ ቤቱ እንደ ሕጉ ይከፈላል።

ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ዘመዶችን በአራት ደረጃ ያስቀምጣል። አንደኛ ልጆች፣ ሁለተኛ አባትና እናት፣ ሦስተኛ አያቶች፣ አራተኛ ቅድመ አያቶች ናቸው። በላይኛው ደረጃ ላይ አንድ ሰው እንኳ ካለ የታችኛው ደረጃ አይጠራም። ቀድሞ የሞተ ካለ ልጆቹ በእሱ እግር ይተካሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደው፣ ሴቷም ወንዱም እኩል ይወርሳሉ። በ1952 የተጻፈ ሕግ ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። በየትኛውም ደረጃ ዘመድ ከጠፋ ንብረቱ የመንግሥት ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ሳይናዘዝ ሞተ እንበል። ያለው ከሚስቱ ጋር በትዳር ዘመን ያፈራው 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ነው፤ ዕዳ የለበትም። ሁለት ልጆች በሕይወት አሉ። ሦስተኛው ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። መጀመሪያ ሚስቲቱ የጋራ ሀብት ድርሻዋን 3 ሚሊዮን ታወጣለች። ይህ ውርስ አይደለም፤ ድሮም የራሷ ነው። ውርሱ የቀረው 3 ሚሊዮን ነው። በሦስት ቅርንጫፍ ይከፈልና ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ሁለቱ የልጅ ልጆች የአባታቸውን 1 ሚሊዮን ለሁለት ተካፍለው 500 ሺህ 500 ሺህ ይወስዳሉ።

ሚስት ከባሏ ድርሻስ ምን ትወርሳለች? ምንም። ችሎት ውስጥ ብዙ ሰው ክው የሚለው እዚህ ላይ ነው። ባልም ሆነ ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። ቤቱ ባል ከማግባቱ በፊት የሠራው የግል ሀብቱ ከሆነማ፣ ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሚስት ከቤቱ ዋጋ ቤሳ ላይደርሳት ይችላል። ሕጉ እዚህ ላይ ጨክኗል ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

ያው አባት ልጅ ባይኖረውስ? አባቱ በሕይወት አለ፤ እናቱ ሞታለች። አንድ የእናት የአባቱ ልጅ የሆነ ወንድምና አንዲት በእናት ብቻ የምትገናኘው እኅት አሉት። 3 ሚሊዮኑ በአባት መስመርና በእናት መስመር ለሁለት ይከፈላል። አባት 1.5 ሚሊዮን ይወስዳል። የእናቲቱን 1.5 ሚሊዮን ወንድምና እኅት እኩል ይካፈላሉ። እኅቲቱ ከሟች አባት ባትወለድም የእናቷን ቦታ ይዛ ገብታለች። ሚስት አሁንም የለችበትም።

ይህን መንገድ መቀየር የሚቻለው በኑዛዜ ነው። ኑዛዜ የሚናዘዘው ግን ሰውየው ራሱ ብቻ ነው። ውክልና የያዘ ልጅ ቤት መሸጥ ይችል ይሆናል፤ ባባቱ ስም መናዘዝ አይችልም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙም ፈራሽ ነው። ይህ የሚያሳዝን ስሕተት ነው። በፍቅር አርባ ዓመት የኖሩ ሰዎች «እኔ ብቀድም ላንቺ፣ አንቺ ብትቀድሚ ለእኔ» ብለው በአንድ ሉህ ይጽፉና ሁለቱም ኑዛዜ ውሃ ይበላዋል። ሁለት ወረቀት ቢሆን ችግር አልነበረም።

ችሎታን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው መናዘዝ ይችላል። ከ16 በፊት የተጻፈ ኑዛዜ ግን ልጁ አድጎ ሳይሽረው ቢቀር እንኳ አይጸናም። ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር በፍርድ የተከለከለ ሰው ከክልከላው በኋላ መናዘዝ አይፈቀድለትም፤ ከክልከላው በፊት የተናዘዘው ግን ይጸናል። የአእምሮ ሕመም ሲነሳ ነገሩ ይጠብቃል። ኑዛዜ በእብደት ምክንያት የሚፈርሰው ተናዛዡ በተናዘዘበት ጊዜ እብደቱ የታወቀ ከነበረ ብቻ ነው። የታወቀ ማለትም ሰፈር ያወራው ማለት አይደለም። በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ሆስፒታል ወይም ተመሳሳይ ተቋም ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት ቀበሌ ደግሞ ቤተሰቡ እየጠበቀው እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የተደረገ ሰው ነው። ስለዚህ «አባባ ማርጀት ጀምሮ ነበር፣ ስም ይረሳ ነበር» የሚል ክርክር ብቻውን ኑዛዜ አያፈርስም። ዕድሜና መርሳት እብደት አይደሉም።

ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በችሎታ ሳይሆን በፎርም ነው። ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው።

የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፤ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ቀጥሎ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ወዲያውኑ ተናዛዡና ምስክሮቹ ይፈርማሉ፤ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰሙ መሆን አለባቸው።

አሁን አባትየውን በሕይወት እንመልሰውና ያስታመመችው ታናሽ ልጁ ቤቱን እንድትወርስ ይፈልጋል እንበል። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ጥሩ አድርጎ አስጻፈ። የነፍስ አባቱ፣ የእድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙ። ማኅተም፣ ቀን፣ አሻራ፣ ሁሉም አለ። የጎደለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና ከዚህ በታች የፈረምነው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ተነቦልን ፈርመናል»። ይህች ከሌለች ኑዛዜው ይፈርሳል። ምስክሮቹ መጥተው «በጆሯችን ሰምተናል» ቢሉስ? ሕጉ መነበቡ በኑዛዜው ላይ እንዲጻፍ ስለሚጠይቅ፣ በቃል ማረጋገጥ አይበቃም የሚለው አቋም ያመዝናል። ምስክሮቹ በተለያየ ቀን እየዞሩ ቤት ለቤት የፈረሙበት ወረቀትም ያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በመሥራት ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ መምታታት አለ። ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሄዶ ያለቀ ወረቀት ላይ ማኅተም ማስመታትና ሹሙ ለኑዛዜው ምስክር መሆን አንድ ነገር አይደሉም ብለው የሚከራከሩ አሉ። አራት ምስክር ይዞ መሄድ ከዚህ ጭቅጭቅ ያድናል።

አባትየው የሚናዘዘው በራሱ ግማሽ ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። «ቤቴን በሙሉ» ብሎ ቢጽፍም የሚስቱን 3 ሚሊዮን መስጠት አይችልም። ንብረቱ ያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች «ሳይነገረን ከውርስ ተነቀልን» ብለው መከራከራቸው አይቀርም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መናገር ግድ ነው፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑን ፍርድ ቤት ያየዋል። ወንድምና እኅትን ለመንቀል ግን ምክንያት አያስፈልግም።

ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ሙሉ በሙሉ በእጁ ይጽፈዋል፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመለክታል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ይጽፋል፤ ይፈርማል። በመኪና ከተጻፈ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ራሱ መጻፉን በእጅ ጽሑፉ ማመልከት አለበት። ለብቻ ለሚኖር ሰው ምቹ ነው። ወጥመዱ ዕድሜው ነው። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። በመስከረም 2010 ጽፎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በ2018 ቢሞት፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋ የለውም። ቤቱ ተመልሶ በአራቱ ደረጃዎች መንገድ ይሄዳል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ባህላችን የሚያውቀውም ይሄንኑ ነው። ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል። ሕጉ ግን ጠባብ በር ነው የከፈተለት። በቃል ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብሩ፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ስለ አሳዳጊና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን ነው። 500 ብር በ1952 ደህና ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ ነው፤ ቁጥሩን ያሻሻለው የለም። ስለዚህ የነፍስ አባቱና ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት «ቤቱ ለእገሊት ይሁን» የተባለ ቃል የቱንም ያህል ቢከበር ቤት አያስተላልፍም። ታማሚው ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የተናገረው ሁሉ ቀሪ ነው።

በደንብ የተሠራ ኑዛዜም በሕይወት ለውጥ ሊወድቅ ይችላል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች በመርህ ደረጃ ቀሪ ይሆናሉ፤ ፍርድ ቤት ግን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናቸው ይችላል። ለትዳር ጓደኛ የተሰጠውም በፍቺ ይቀራል። ተናዛዡም በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ወይም ቀድዶ ሊጥለው ይችላል። «አልሽርም» ብሎ ውል ቢገባ እንኳ አያስረውም።

ኑዛዜን የሚቃወም ሰው እንደ ልቡ አይቆይም። የኑዛዜውን ቃል ካወቀ በ15 ቀን ውስጥ መቃወሙን ማሳወቅ፣ ካሳወቀ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ወራሽ ሳይሆን ውርሱን ይዟል በሚባል ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ ደግሞ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ሲያልፍ ይታገዳል። ሟች ከሞተ 15 ዓመት ካለፈ፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ ያ ክስ አይሰማም።